በቅንፍ ውስጥ ያለው ግሥ ጊዜውን ከጎረቤቱ ይጠይቃል

ከፍኖተ ሰላም አንድ ተማሪ እንዲህ ሲል ጽፎልናል፤ «በፈተና ወረቀት ላይ ግሡ በቅንፍ ውስጥ ተጽፎ ይመጣል፤ እኛም ወደ ተገቢው ጊዜ እንድንለውጠው እንታዘዛለን። እኔ ዐረፍተ ነገሩን ደጋግሜ ሳነበው ኹለትና ሦስት መልስ ልክ መስሎ ይታየኛል። አንዱን መርጬ ስጽፍ መምህሩ ሌላውን ይላሉ። ምክንያቱ ምን ይሆን?»

ጥያቄው የብዙ ተማሪ ጥያቄ ነው። በየጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤና ራፖር የሚያረቅቁ ወጣቶች ሠራተኞችም ሳያውቁት በየቀኑ የሚገጥማቸው ነገር ነው፤ እርሱን ወደ ኋላ እናየዋለን። ለተማሪው ግን መልሱን በአጭሩ እንንገረው። ያስቸገረህ ግሡ አይደለም፤ ያስቸገረህ ግሡ ያለበትን ዐረፍተ ነገር ብቻ ደጋግመህ ማንበብህ ነው። የግሡ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው በጎረቤቱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ይህን ለማየት አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፤

«ገበሬው በቆሎውን ጭኖ ከማንኩሳ (መምጣት)።»

እዚህ ባዶ ቦታ ውስጥ «መጣ» ቢባል ልክ ነው፤ «መጥቷል» ቢባልም ልክ ነው። «መጥቶ ነበር»፥ «ይመጣል»፥ «ይመጣ ነበር» ቢባልም አማርኛው አይፈርስም። ዐረፍተ ነገሩ ብቻውን ቢቆም ዳኛ የለውም። አሁን ግን ከኋላው አንድ ጎረቤት እንስጠው።

«…በቆሎውን ሸጦም በዚያው ዕለት ተመለሰ» ብንል መልሱ «መጣ» ይሆናል፤ ነገሩ እንደ ተረት በተራ እየተነገረ ነውና። «…ከደጅ ቆሞ ይጠብቅሃል» ብንል «መጥቷል» ይሆናል፤ የመምጣቱ ፍሬ አሁንም ከደጅ ቆሞ ይታያልና። «…አንተን ቢያጣ ተመልሶ ሄደ» ብንል «መጥቶ ነበር» ይሆናል። «…ስለዚህ ነገ መጋዘኑን ከፍተህ ጠብቀው» ብንል «ይመጣል» ይሆናል። «…መኪና ከገዛ ወዲህ ግን አህያ መጫን ትቷል» ብንል «ይመጣ ነበር» ይሆናል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ብቻ ነው፤ መልሱ ግን አምስት ጊዜ ተለወጠ።

በነገራችን ላይ፥ ከጽሑፍ ውስጥ ቃል አውጥቶ አንባቢውን እንዲሞላ ማድረግን እንደ ደንበኛ መመዘኛ አድርጎ ያቀረበው ዊልሰን ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ነው። የእርሱ ሐሳብ ተማሪ ለመፈተን አልነበረም፤ አንድ ጽሑፍ ለአንባቢ ቀላል ወይም ከባድ መሆኑን ለመለካት ነበር። ቃሎች ሲጎድሉ አንባቢው ከቀሩት ቃሎች ተነሥቶ ጉድለቱን መሙላት ከቻለ ጽሑፉ ገብቶታል ማለት ነው አለ። በቅንፍ ግሥ የሚሰጠው ፈተናም ከዚህ ሐሳብ ጋር ዘመድ ነው። የሚመዝነው ግሥ ማርባትን ብቻ አይደለም፤ የቀረውን ጽሑፍ ማንበብህንም ነው።

እንግዲህ አንድ ሙሉ ምንባብ እንውሰድና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን እንሥራው። ጽሑፉ ለመልመጃ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ አንድ በፍኖተ ሰላም የሚሠራ ወጣት በታኅሣሥ ወር ለጓደኛው የሚጽፈው ደብዳቤ ነው እንበል።

«አያቴ የቡሬ ገጠር ሰው ናቸው። ድሮ በየገበያው ቀን በርበሬያቸውን በአህያ ጭነው ወደ ከተማ (1 መውጣት)። አሁን ግን ጉልበታቸው ስለ ደከመ ከደጃፍ አይርቁም፤ የበርበሬውንም ሥራ ታላቅ ወንድሜ (2 መያዝ)። ባለፈው ነሐሴ ልጠይቃቸው ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ ሄድሁ። ስደርስ በሩን ተቆልፎ አገኘሁት፤ አያቴ በማለዳ ጎረቤት ልቅሶ (3 መሄድ)። ማታ ሲመለሱ ዝናም (4 መዝነም)። የለበሱት ጋቢ ከላይ እስከ ታች ርሶ ስለ ነበረ አውልቀው እሳት ዳር አሰጡት። ራት በልተን ስናበቃ፤ ‹ልጄ፥ ይህ ዝናም ካላባራ ነገ ፈጣም (5 መሙላት)፤ እንዳትነሣ› አሉኝ። በነጋታውም ወንዙ እንዳሉት (6 መሙላት)፤ ስለዚህ ኹለት ቀን ቆይቼ ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነ፤ እስካሁን ዳግመኛ (7 አለመሄድ)። ለገና ግን ፈቃድ ተሰጥቶኛል፤ እሑድ በማለዳ (8 መነሣት)። እስከዚያ በርበሬው ሁሉ ተለቅሞ (9 መድረቅ)።»

አንደኛውን ለመመለስ አትቸኩል። አስቀድመህ እርሳስህን አስቀምጥና ምንባቡን እስከ መጨረሻው አንብበው። በዚህ ንባብ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጸሓፊው የቆመበት «አሁን» የት ነው? በዚህ ምንባብ «አሁን» የሚለው ቃል በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ይገኛል፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ «እስካሁን» እና «ተሰጥቶኛል» የሚሉ አሉ። በመካከል ያለው፥ ከ«ባለፈው ነሐሴ» እስከ «ተመለስሁ» ድረስ፥ ያለፈ ታሪክ ነው። እንግዲህ ምንባቡ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያው ድሮንና አሁንን ያነጻጽራል፤ መካከሉ የነሐሴን ጉዞ ይተርካል፤ መጨረሻው ወደ አሁን ተመልሶ ወደ ፊት ይመለከታል። ይህን ካወቅህ ግማሹን ሥራ ጨርሰሃል።

ወደ አንደኛው ባዶ ቦታ እንምጣ። በፊቱ «ጭነው» የሚል ቃል አለ። «ጭነው» ያለፈ ነገር ይመስላልና ብዙ ተማሪ እርሱን ተከትሎ «ወጡ» ይላል። ነገር ግን «ጭነው» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ቦዝ አንቀጽ የራሱ ጊዜ የለውም፤ ጊዜውን የሚቀበለው ከሚያስረው ግሥ ነው። «ጭነው ወጡ» ይባላል፤ «ጭነው ይወጣሉ» ይባላል፤ «ጭነው ይወጡ ነበር» ይባላል። ስለዚህ ከ«ጭነው» ምንም አትጠይቅ። «በየገበያው ቀን» የሚለው ነገሩ የተደጋገመ ልማድ መሆኑን ይነግርሃል፤ «ወጡ» በዚህ ይወድቃል። የቀሩት «ይወጣሉ» እና «ይወጡ ነበር» ናቸው። «ድሮ» የሚለው ወደ ኋላ ይስብሃል፤ በርግጥ የሚፈርደው ግን ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር ነው፤ «አሁን ግን … ከደጃፍ አይርቁም» ይላል። ልማዱ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ መልሱ «ይወጡ ነበር» ነው። «ድሮ» የሚለውን ቃል ፈታኙ ቢያጠፋው እንኳ መልሱ አይለወጥም፤ ምስክሩ ከኋላ ቆሟልና። እግረ መንገድህን ግሡን «ይወጣ ነበር» ሳይሆን «ይወጡ ነበር» ያልህበትን አስተውል፤ አያትየው በአክብሮት መጠራታቸውን «ናቸው» ከሚለው ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አግኝተኸዋል።

ኹለተኛው «ይዞታል» ነው። «ያዘው» ብትል ወንድምየው ሥራውን አንድ ቀን መያዙን ትነግራለህ፤ ዛሬም በእጁ መሆኑን ግን አትነግርም። «ይዞት ነበር» ብትል ደግሞ አንባቢው «ታዲያ ማን ወሰደው?» ብሎ ይጠይቅሃል። ምንባቡ ግን ያን ጥያቄ አይመልስም፤ ወንድምየው ስለ መተዉም አንዲት ቃል የለም። «አሁን ግን» የሚለው በዚህ ላይም እንደ ገዛ ነው። እንግዲህ ድርጊቱ አልፎ ፍሬው ዛሬ ያለ ሲሆን የቅርብ ኀላፊ፥ ማለት «ይዞታል»፥ ይሆናል።

ሦስተኛው ላይ ታሪኩ ተጀምሯል። «ሄድሁ»፥ «አገኘሁት» እያለ በተራ ይወርዳል። ተማሪው በዚያው ተራ «ሄዱ» ሊል ይችላል። እንዲህ ከሆነ አያትየው የሄዱት ልጁ በሩን ካገኘ በኋላ ይመስላል፤ ተራ ያለው ትረካ የሚሰማው አንዱ ከሌላው ቀጥሎ እንደ ሆነ ነውና። በሩ የተቆለፈው ግን ሰውየው አስቀድመው ስለ ወጡ ነው፤ «በማለዳ» የሚለውም ይመሰክራል። ከታሪኩ ተራ ወደ ኋላ ዘወር የሚል ድርጊት ሲመጣ የሩቅ ኀላፊ ይፈልጋል፤ «ሄደው ነበር»።

እዚህ ላይ የአማርኛችንን አንድ መልካም ሀብት እንጥቀስ። ጸሓፊው «ለካ» ብሎ ቢጀምር ኖሮ፥ «ለካ አያቴ በማለዳ ጎረቤት ልቅሶ ሄደው ኖሯል» ይባል ነበር። «ሄደው ኖሯል» ማለት ድርጊቱ አስቀድሞ መፈጸሙን ብቻ ሳይሆን፥ ተናጋሪው ያን ጊዜ እንዳላወቀና ኋላ እንደ ደረሰበትም ይናገራል። ስለዚህ በምንባብ ውስጥ «ለካ» የሚል ቃል ያየህ እንደ ሆነ «ኖሯል» እየጠራህ መሆኑን እወቅ።

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ ተማሪ የሚስትበት ነው። «ማታ ሲመለሱ ዝናም (መዝነም)» ይላል። «ሲመለሱ» ደግሞ እንደ ቦዝ አንቀጽ የራሱ ጊዜ የለውም። «ሲመለሱ ዘነመ» ቢባል ልክ አማርኛ ነው፤ ትርጉሙ ግን በተመለሱ ጊዜ ዝናሙ ጀመረ ማለት ይሆናል። ይህን ጽፈህ ወደ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር እለፍ፤ ጋቢያቸው ከላይ እስከ ታች ርሷል። በር ላይ ሲደርሱ የጀመረ ዝናም ጋቢን እንዲህ አያርስም። እንግዲህ በመንገድ ሳሉ ዝናሙ ይወርድ ነበር። መልሱ «ይዘንም ነበር» ወይም «እየዘነመ ነበር» ነው፤ ኹለቱም ልክ ናቸው። ልብ በል፤ በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የጊዜ ቃል «ማታ» ብቻ ነው፤ «ማታ» ግን ምንም አልረዳህም። የረዳህ የጊዜ ቃል አይደለም፤ ጋቢ ነው። ብዙ ተማሪ «ትናንት፥ ነገ፥ ዘወትር» የሚሉ ቃሎችን ብቻ እያደነ የነገሩን ምክንያትና ውጤት ያልፋል። ጥሩ ፈታኝ ፍንጩን የሚደብቀው ከዚሁ ውስጥ ነው።

አምስተኛውንና ስድስተኛውን አብረን እንያቸው፤ ግሡ አንድ ነው፥ ወንዙም አንድ ነው፥ ቀኑም አንድ ቀን ነው፤ መልሱ ግን የተለያየ ነው። አምስተኛው በአያትየው አፍ ውስጥ ነው። ትእምርተ ጥቅሱ ሲከፈት ሰዓቱ ይለወጣል፤ «አሁን» የሚባለው የጸሓፊው ታኅሣሥ መሆኑ ቀርቶ የአያትየው የነሐሴ ማታ ይሆናል። ከዚያ ማታ ሲታይ ወንዙ ገና አልሞላም፤ «ካላባራ» እና «ነገ» ስለሚሉ «ይሞላል» ነው። ጥቅሱ ሲዘጋ ሰዓቱ ወደ ጸሓፊው ይመለሳል፤ ያ «ነገ» የነበረው ቀን «በነጋታው» ሆኗል፤ ስለዚህ «ሞላ»። «ነገ» እና «በነጋታው» ተመሳሳይ ቃሎች ይምሰሉ እንጂ የሚቆጥሩት ከተለያየ ቦታ ነው። «ነገ» ተናጋሪው ከቆመበት ቀን ይቆጥራል፤ «በነጋታው» በታሪኩ ውስጥ ከተጠቀሰው ቀን ይቆጥራል። «ትናንት» እና «በዋዜማው»፥ «አሁን» እና «ያን ጊዜ» እንዲሁ ናቸው።

እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች በዚህ ስፍራ የሚያመጡት አንድ ስሕተት አለ። በእንግሊዝኛ የሌላውን ሰው ቃል ያለ ትእምርተ ጥቅስ ሲያወሩ ግሡን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኀላፊ ይመልሱታል። በአማርኛ ግን የተናጋሪው ቃል እንደ ወጣ ይቀመጣል፤ «ወንዙ ይሞላል አሉኝ» ይባላል። «ወንዙ ይሞላ ነበር አሉኝ» ከተባለ አያትየው ስለ ድሮ ልማድ አወሩ ማለት ነው። ትእምርተ ጥቅስ ባይኖርም እንኳ «አለ፥ አሉኝ፥ ብሎ» የሚሉ ቃሎች ባሉበት ሁሉ የሰዓቱን መለወጥ ተጠባበቅ።

ሰባተኛው አሉታ ነው፤ «አልሄድሁም»። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንወቅ። በአዎንታ «ሄደ» እና «ሄዷል» ኹለት ናቸው፤ በአሉታ ግን ለኹለቱም «አልሄደም» ብቻ ነው ያለን። ልዩነቱን የሚሸከሙት «እስካሁን» እና «ገና» የሚሉት ቃሎች ናቸው። «አልሄድሁም ነበር» ያለ ተማሪ ግን ስቷል፤ እንዲህ ሲባል ከዚያ በኋላ ሄዷል ማለት ነው፤ ቀጥሎ ያለው «እሑድ በማለዳ» የሚለው ደግሞ ገና ሊሄድ መሆኑን ያሳያል።

ስምንተኛው «እነሣለሁ» ነው። «እሑድ» ብቻውን ያለፈውንም የሚመጣውንም ሊሆን ይችላል። ከፊቱ «ፈቃድ ተሰጥቶኛል» የሚለው ጉዞው ገና መሆኑን ያመለክታል፤ ከኋላው «እስከዚያ» የሚለው ያጸናዋል። ዘጠነኛው ላይ ግን ኹለት መልስ እንቀበላለን። ጸሓፊው ርግጠኛ ከሆነ «ይደርቃል» ይላል፤ ሲገምት ከሆነ «ደርቆ ይሆናል» ወይም «ደርቆ ይቆያል» ይላል። ምንባቡ በዚህ ያበቃልና የሚፈርድ ጎረቤት የለም። እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ቢገጥምህ የምታስበውን መልስ ጻፍ፤ ሁለተኛው መልስ ልክ መምሰሉ የአንተ ድካም ሳይሆን የምንባቡ ማጠር ነው። ለዚህም ነው ፈተና የሚያወጣ መምህር የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ያለ ባዶ ቦታ መተው የሚገባው።

እንግዲህ መልስህ ልክ መሆኑን በምን ታውቃለህ? የመረጥኸውን አስቀምጠህ ተቀናቃኙን በቦታው አግባውና እስከ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ድረስ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ። ተቀናቃኙ ሲገባ ጎረቤቱ እንግዳ ቢሆን፥ «ታዲያ ማን ወሰደው?» ወይም «ጋቢው በምን ራሰ?» የሚያሰኝ ጥያቄ ቢያስነሣ፥ ተቀናቃኙ ወድቋል። ምንም ጥያቄ ካላስነሣ ግን ኹለቱም ይቆማሉ። «ጆሮዬ ይህን ወደደ» ማለት በቂ አይደለም፤ ጆሮህ የሚሰማው አንዱን ዐረፍተ ነገር ነውና።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንመለስ። በጽሕፈት ቤት ቅንፍ የለም፤ ነገር ግን ጸሓፊው ብዕሩን ባነሣ ቁጥር ባዶ ቦታ ይሞላል። አንድ ወጣት ሠራተኛ ከገጠር ወደ ዞን እንዲህ የሚል ራፖር ያረቅቃል እንበል፤ «40 ኩንታል ማዳበሪያ ሐምሌ 3 ቀን ከመጋዘናችን ደርሶ ነበር። 60 ኩንታል ይቀረናል።» የጻፈው ሰው ማዳበሪያው በመጋዘን ተቀምጦ እያየው ነው። የሚያነበው ሹም ግን «ደርሶ ነበር» የሚለውን ሲያይ «አሁንስ የት ሄደ? ተመለሰ? ተሰረቀ? ወይስ ታድሎ አለቀ?» ብሎ ይጠይቃል። ተከታዩ ዐረፍተ ነገርም አይመልስለትም። ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይጻፋል፤ መልሱም ይጻፋል። በሐምሌ የጤፍ ዘር ወቅት ደብዳቤ ሲመላለስ የሚያልፉት ቀኖች የገበሬው ቀኖች ናቸው።

«ደርሷል» ቢል ኖሮ ማዳበሪያው በእጃቸው መሆኑን አንባቢው ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር። «ቀን ከተጠቀሰ ‹ደርሷል› አይባልም» የሚሉ አሉ፤ ይህም ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ሥርዐት ነው። በእንግሊዝኛ ያለፈ ቀን ከተጠቀሰ ከእኛ የቅርብ ኀላፊ ጋር የሚመሳሰለው የግሥ ዐይነት በደንቡ አብሮት አይሄድም። በአማርኛ ግን «ትናንት መጥቷል»፥ «ሐምሌ 3 ቀን ደርሷል» ማለት ደንበኛ አነጋገር ነው። «ደርሶ ነበር» የሚባለው ከኋላው የሚመጣው ነገር ሲሽረው ነው፤ «40 ኩንታል ማዳበሪያ ሐምሌ 3 ቀን ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ጆንያው ቀዳዳ ሆኖ ስለ ተገኘ ሐምሌ 5 ቀን ወደ መጣበት ተመልሷል» እንደሚባለው ነው። ወይም ከሌላ ያለፈ ነገር እንደሚቀድም ለማሳየት ነው፤ «መኪናው ሲመጣ ገበሬዎቹ አስቀድመው ተሰብስበው ነበር» እንደሚባለው ነው። ከኹለቱ አንዱ ከሌለ «ነበር» የሚለውን ከግሡ ላይ አንሣው።

ባለ ራፖሩ የተማሪውን ፈተና ራሱ በራሱ ላይ ሊያደርገው ይችላል። ረቂቁን ጨርሶ ከመፈረሙ በፊት የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ግሥ በጣቱ ሸፍኖ፥ ከፊቱና ከኋላው ካለው ብቻ ተነሥቶ የግሡን ጊዜ ለማወቅ ይሞክር። ጣቱን ሲያነሣ ያሰበውንና የጻፈውን አንድ ሆኖ ካገኘው ደብዳቤው ይሂድ፤ ካልሆነ ወይ ግሡ ወይ ጎረቤቱ ይታረም።

ለመልመጃ አንድ አጭር ምንባብ ከታሪክ ወስደን እንተውላችሁ። መልሱን ከታች አስቀምጠነዋል፤ ሳትሠሩ አትመልከቱት።

«በ1933 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የጣልያን ጦር የቡሬን ምሽግ (1 መልቀቅ)። ስለዚህ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመጋቢት ወር ወደ ቡሬ ሲገቡ በከተማው የጠላት ጦር (2 አለመኖር)። ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ግን ያው ምሽግ በወታደር (3 መሞላት)። ከዚያም መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ (4 መግባት)። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ በማንኩሳና በቡሬ (5 ማለፍ)።»

መልስ፤ 1 «ለቀቀ»፤ ታሪኩ በዚህ ተጀምሮ በተራ ይወርዳልና። 2 «አልነበረም»፤ ምክንያቱ «ስለዚህ» ከሚለው ፊት ባለው ዐረፍተ ነገር ተነግሯል። 3 «ተሞልቶ ነበር»፤ «ቀደም ብሎ ግን» የሚለው ከታሪኩ ተራ ወደ ኋላ ዘወር ያደርገናልና። 4 «ገቡ»፤ «ከዚያም» ወደ ተራው መልሶናል፤ አክብሮቱንም «ንጉሠ ነገሥቱ» እና «ሲገቡ» ይሰጡታል። 5 «ያልፋል»፤ «ዛሬ» ሲል ይህን ቀን ብቻ ሳይሆን ይህን ዘመን ማለቱ እንደ ሆነ «የሚሄድ መንገደኛ» ከሚለው ይታወቃል።

ሦስተኛውን «ተሞላ» ያላችሁ ተቀናቃኙን በቦታው አግቡና ከኹለተኛው ጋር አንድ ላይ አንብቡት። በኹለተኛው ጦር የለም፤ በሦስተኛው ምሽጉ እንደገና በወታደር ይሞላል፤ ጠላት ተመልሶ የመጣ ይመስላል። ታሪኩ ግን እንዲህ አልሆነም።